ራው ወይስ ጄፔግ፣ በስልክ ብቻ ለሚያስተካክል

«ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ አነሳለሁ፤ የማስተካክለው ስልኬ ላይ በስናፕሲድ ብቻ ነው። ራው ያስፈልገኛል?»

ወንድሜ፣ ለአብዛኛው ፎቶ ጄፔግ ይበቃሃል። ስልኩ ጄፔግ ሲሠራ ብዙ ቅጂዎችን ደራርቦ ብርሃኑን ያመጣጥናል፤ ራው ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ቅጽበት ጥሬ መረጃ ስለሆነ ሲከፈት ደብዛዛና ነጠብጣባም ነው። በ12 ሜጋፒክስል አንዱ ፎቶ 25 ሜጋባይት ሊጠጋም ይችላል።

ጀልባው ጠቁሮ ሰማዩ ሲያበራ ግን ራው ይጠቅማል። ጄፔግ በየቀለሙ 256 ደረጃ ብቻ ስላለው፣ ጨለማውን ክፍል ብዙ ስታደምቀው ቀለሙ በእርከን በእርከን ይቆራረጣል። ለዚያች ፎቶ ብቻ ራውን አብራ፤ ሰማዩን በጣትህ ነክተህ ብርሃኑን ቀንስና አንሳ። ጨርሶ የነጣ ሰማይ በራውም አይመለስም! ከዚያ ራው የተቀመጠበትን የዲኤንጂ ፋይል በስናፕሲድ ከፍተህ ጨለማውን ክፍል ብቻ ቀስ እያልክ አድምቅ፤ ሲያልቅ በጄፔግ አስቀምጠው።