ቀኑ አለፈ፣ ድርጅቱ ዝም አለ፦ ልደውል ወይስ ኢሜይል ልላክ?

«ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ለንብረት ክፍል ሠራተኛ አወዳድሮ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ቃለ መጠይቅ አድርጌ ነበር። እስከ ጥር 30 እናሳውቃችኋለን ብለው ነበር። ዛሬ የካቲት 6 ነው፤ ምንም የለም። ልደውል ወይስ ኢሜይል ልላክ? ስደውል የምለምን እንዳይመስልብኝ ፈርቻለሁ።»

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ኢሜይል፣ ከዚያ ስልክ። ቅደም ተከተሉን አታዛባው። እኔ አዛብቼው እዚያው ማርቆስ እጄ ሊገባ የደረሰ ሥራ አምልጦኛል። የአንተም ጉዳይ ከእኔው ጋር አንድ ስለሆነ ቁጭ ብዬ በዝርዝር ልጻፍልህ።

1. ከመላክህ በፊት የራስህን ኢሜይል ፈትሽ። Inbox ብቻ አይደለም፤ Spam የሚለውንም ክፈት። ጂሜይል ከሆነ መፈለጊያው ላይ in:anywhere ብለህ አጠገቡ የድርጅቱን ስም ጻፍ። Spam እና Trash ውስጥ ያለውንም አብሮ ያወጣልሃል። ለነገ አታሳድረው። Spam ውስጥ የገባ መልእክት 30 ቀን ሲሞላው ራሱ ይጠፋል። ያላነሳኸው ጥሪ ካለም ተመልከት። በ058 የሚጀምር ከሆነ ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነው። በ011 ከሆነ ከአዲስ አበባ ወይም ከአካባቢዋ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል።

2. የተባለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እርግጠኛ ሁን። አንተን «ጥር» ብለው ነግረውሃል፤ ተገላገልክ። እኔን ግን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው።

ጥር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ ማርቆስ ለሂሳብ ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ ሄድኩ። ሲያበቃ አንዱ ጠያቂ «በ20 እናሳውቃችኋለን» አለ። ማስታወቂያውም፣ የጠሩኝም ኢሜይል በፈረንጅ ቀን ስለነበር የገባኝ ጃንዋሪ 20 ነው። ያ ማለት ጥር 12፣ የጥምቀት ማግስት። እሱ የሚለው ለካ ጥር 20 ነበር። በመካከሉ ስምንት ቀን አለ። «ጥር 20 ነው?» ብዬ አንድ ቃል ብጠይቅ ኖሮ ቀሪው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ዓርብ ጥር 14 ትዕግሥቴ አለቀ። ለፈተና የጠራችኝ ሴትዮ የደወለችበት ሞባይል ስልኬ ላይ ነበር። ከረፋዱ 5:20 ላይ ደወልኩ። አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። አራተኛው ላይ አነሳች። እኔም ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ «የተባለው ቀን አልፏል፤ አልፌ ይሆን?» አልኳት። የሰጠችኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ቀኑ ገና ነው። ይሄ የግል ስልኬ ነው። ደጋግማችሁ አትደውሉ» ብላ ዘጋችው።

አነጋገሯ ሥርዓት የጎደለው ነበር። ሥራ የሚጠብቅ ሰው ጨንቆት እንጂ ሊያስቸግር አይደውልም። ግን የእኔንም ጥፋት ልንገርህ። ዓርብ 5:20 ማለት ብዙ መሥሪያ ቤት ለምሳ ሊወጣ አሥር ደቂቃ የቀረው ሰዓት ነው። የደወልኩት ለቢሮው ሳይሆን ለሰው ኪስ ነው። የጠየቅኩትም እሷ በስልክ ልትመልሰው የማትችለውን ነው። ውጤት ኮሚቴው ፈርሞ፣ ኃላፊው አጽድቆ ነው የሚወጣው። «አልፌ ይሆን?» ብለህ በስልክ ስትጠይቅ፣ የምታውቅ ብትሆን እንኳ አትነግርህም።

ጉዳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አፍሬ ዝም አልኩ። ጥር 20 አለፈ፤ ሁለተኛ ስድብ አልሰማም ብዬ አልደወልኩም። ኢሜይልም አልላክሁም። የካቲት 11 ቀን የአክስቴ ልጅ ስልኬን ይዞ ሲጎረጉር Spam ውስጥ አንድ መልእክት አገኘ። ጥር 24 የተላከ ነው። የላከው ማርቆስ ያለው ቢሮ ሳይሆን አዲስ አበባ ያለው የሰው ኃይል ክፍል ነበር። አድራሻው ከዚያ በፊት ጽፎልኝ ስለማያውቅ ይሆናል Spam የገባው። ደግሞ መጥፎ ዜና አልነበረም። የሥራ ልምዴ ከግል ድርጅት ስለሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እንዳቀርብ ነው የሚለው። ወረቀቱ እኮ ቤቴ ነበር! ፎቶ አንስቶ መላክ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ደወልኩ። አሁን ግን ለቢሮው ነው። «መልስ ስላልሰጡን ተጠባባቂውን ጠርተናል» አሉኝ። ከመካከላቸው አንድ ሰው አንዲት ጥሪ ቢያደርግልኝ ምን ነበር? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «እኔ እኮ ደውዬ ተከታትያለሁ» ብዬም ተከራከርኩ። «መቼ? ለማን?» ተባልኩ። የማሳየው አልነበረኝም። እነሱ ግን ቀንና ሰዓት ያለበት ኢሜይል ይዘዋል።

ኢሜይል ይቅደም የምልህ ለዚህ ነው። ስልክ መልሱን ያፈጥናል፤ ምስክር አይሆንም። ጥር 21 ወይም 22 ላይ ሁለት መስመር ልኬ ቢሆን፣ የአዲስ አበባው ክፍል ለዚያው መልስ ይሰጥ ነበር። ራስህ ለጻፍከው መልእክት የሚመጣ መልስ ደግሞ Spam የመግባት ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው።

3. እንዴት እንደምትልክ። አዲስ ኢሜይል አትጀምር። ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ የጠሩህን መልእክት ክፈትና Reply በል። የከፈተው ሰው ማን እንደሆንክ ከታች ያየዋል፤ ፋይል አያገላብጥም። እነሱ የጻፉልህ በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ መልስ፤ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ። እኔ ቆየት ብዬ ለሌላ ቦታ የላክሁት ይህን ይመስል ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለሂሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ሚያዝያ 26 ቀን ቃለ መጠይቅ አድርጌ ነበር። ውጤቱ እስከ ግንቦት 12 እንደሚገለጽ ተነግሮን ነበር። ሂደቱ የት እንደደረሰ ቢያሳውቁኝ፣ ከእኔ የሚቀር ማስረጃም ካለ ቢገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስምና ሁለት ስልክ ቁጥር።

«የሚቀር ማስረጃ ካለ» የሚለውን እንዳትተወው። ቅሬታ የሚመስለውን ነገር ወደ ሥራ ጥያቄ ይለውጠዋል። የሚያነበው ሠራተኛም ፋይልህን እንዲከፍት ምክንያት ይሆነዋል። ሁለት ስልክ ያልኩህ የእኛን ኔትወርክ ስለምታውቀው ነው። አንዱ የቤተሰብ ይሁን።

ይህ የሆነው በ2014 ቡሬ ላለ አንድ ፋብሪካ ሳመለክት ነው። ቀኑ ዓርብ ግንቦት 12 አለፈ። በማግስቱ አልተነሳሁም። ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን ተውኩላቸው። ሐሙስ ጠዋት ኢሜይሉን ላክሁ። መልስ የለም። ማክሰኞ ግንቦት 23 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ማስታወቂያው ላይ ወዳለው የቢሮ ስልክ ደወልኩ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ስብሰባ ነው፤ ዓርብ ምሳው ረጅም ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ 4 ሰዓት ግን ሰው ጠረጴዛው ላይ ይገኛል።

«ጤና ይስጥልኝ፤ የሰው ኃይል ክፍል ቢያገናኙኝ» አልኩ። ያነሱት አንድ ጋሼ ነበሩ። ስሜንና የሥራ መደቡን ተናገርኩና «ሐሙስ ዕለት ኢሜይል ልኬ ነበር፤ ደርሷችሁ እንደሆነ ላረጋግጥ ብዬ ነው» አልኳቸው። ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። እሳቸው ኢሜይሉን እየፈለጉ ራሳቸው አወሩኝ። «ልጄ፣ ፈራሚው መስክ ወጥተው ነው የቆየው፤ ሲመለሱ ያልቃል» አሉ። «እሺ ጋሼ፣ መቼ ብደውል ይሻላል?» አልኩ። «ከአሥር ቀን በኋላ» አሉ። ስማቸውን ጠይቄ ከቀኑ ጋር ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። መደወል ሳያስፈልገኝ ሰኔ 2 ጠሩኝ። አሁንም እዚያው ነው የምሠራው።

«ደርሷችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ልመና የሚመስልበት መንገድ የለም፤ ሰነድ መከታተል ነው። አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ስለሆነ ያነሳውንም ሰው አያስጨንቅም። አልደረሰንም ካሉህ እዚያው ስልኩ ላይ ትክክለኛውን አድራሻ ጠይቀህ ፊደል በፊደል አስጽፍ።

ስልኩን የምታስቀድምባቸው ሁለት ጊዜዎች ብቻ አሉ። አንደኛው Spam ውስጥ እንደ እኔ ቀኑ ያለፈ መልእክት ካገኘህ ነው። ያን ጊዜ ወዲያው ለቢሮው ደውል፤ የጠየቁህንም በዚያው ሰዓት ላክ። ሁለተኛው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ኢሜይል የሚጠብቅ ሰው ከንቱ ነበር። ያን ጊዜ የሠራው የቢሮ ስልክና አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልህም ነበር። የወረዳና የዞን ቅጥር ውጤት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ለኢሜይል መልስ የሚሰጥህ የለም። ስልክም ብትደውል «መጥተህ እይ» ነው የምትባለው። ከተማው ውስጥ ያለ ዘመድ ሰሌዳውን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን የተወሰነ ስለሆነ እዚያ መዘግየት ያስከፍላል።

አንተ ግን ስድስት ቀን ብለሃል፤ ቅዳሜና እሑድ ሲወጣ ያነሰ ነው። ኢሜይሉን ዛሬ ወይም ነገ ጠዋት ላክ። ሦስት የሥራ ቀን ጠብቀህ ደውል። ለጠራህ ሰው ሞባይል ሳይሆን ለቢሮው። ቁጥሩ የ011 ከሆነ የሚያነሳው ኦፕሬተር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የክፍሉን ስምና የሥራ መደቡን ወረቀት ላይ ጽፈህ ያዝ። Spam ውስጥ የሆነ ነገር ካገኘህ ደግሞ እዚሁ ጻፍልኝ፤ የግብር ማስረጃ ከሆነ የጠየቁህ እኔ ከየት እንዳወጣሁት እነግርሃለሁ።