ሶኬቱ የሚግለው አቅም አንሶት አይደለም

«ደብረ ብርሃን ነኝ። 72 ቮልት፣ 32 አምፒር-ሰዓት ሊትየም ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝቼ፣ በረንዳ ላይ አቁሜ ማታ ማታ በኤክስቴንሽን ቻርጅ አደርገዋለሁ። ስፒናው እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። የቤት ሶኬት አይችለውም ማለት ነው? በወርስ ስንት ይቆጥርብኛል?»

ይችለዋል ወንድሜ። ግን ያ ሶኬት እስኪቀየር ድረስ እንዳትሰካበት።

የቻርጀርህን ጀርባ ገልብጠህ እይ፤ ኢንፑት በሚለው መስመር ላይ አምፒሩ ተጽፏል። 4 ነው እንበል። 220 ቮልት በ4 ሲባዛ 880 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ፣ ማለትም ወደ 16 አምፒር ይስባል። ደህና ሶኬት እስከ 16 አምፒር የሚችል ስለሆነ ቻርጀሩ ለሱ ቀላል ጭነት ነው።

ታዲያ ምን አጋለው? ልል ስለሆነ ነው። ምጣድ ሲሰካበትና ሲነቀልበት የኖረ ሶኬት ውስጡ ያለው የነሐስ ምላስ ይከፈትና ስፒናውን አጥብቆ አይዝም፣ ወይ ደግሞ ከኋላ ሽቦውን የያዘው ቪቴ ይላላል። ንክኪው ሲሳሳ እዚያችው ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል፣ ቻርጀር ደግሞ ሦስት አራት ሰዓት ሳያቋርጥ ስለሚሠራ ለመቀዝቀዝ ጊዜ የለውም። ስፒናውን ነቅለህ እግሮቹን እይ። አንደኛው ብቻ ከጠቆረ ወይም ፕላስቲኩ ከቀለጠ ችግሩ እሱ ጋ ነው። ለብ ማለት ችግር የለውም፣ እጅህን ማሳረፍ ካቃተህ ግን ወዲያው ብሬከሩን አጥፋና ንቀል።

የጠቆረ ሶኬት ቪቴውን ስላጠበቅክ አይድንም፣ ምላሱ ጥንካሬውን አጥቷል። ኤሌክትሪሺያን ጥራና አዲስ 16 አምፒር ሶኬት፣ ከብሬከር ሳጥኑ በ2.5 ካሬ ሽቦ ለብቻው፣ ከነመሬት መስመሩ ያስገባልህ። ከምጣዱ መስመር መቀጠል ግን አይሆንም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ከ16 አምፒር ያልፋል። ኤክስቴንሽኑን ተወው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሽቦው ቀጭን ነው፣ ተጠቅልሎ ሲሠራ ደግሞ ይብስበታል።

በረንዳው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሊትየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል፣ የኅዳርና የታኅሣሥን የደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ወደ ቤት አስገባው፣ ግን መኝታ ክፍልም መውጫ በር ሥርም አይሁን። የማይወጣ ከሆነ ረፋድ ላይ ወይም ከሰዓት፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ቻርጅ አድርገው።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ 72 በ32 ሲባዛ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቻርጀሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመር ከቆጣሪህ 2.7 አካባቢ ይወጣል። በየሁለት ቀኑ ከባዶ እስከ ሙሉ ብትሞላ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለስሌት እንዲመች አንዱን 5 ብር ብንለው 200 ብር ይሆናል። አንተ ግን ደረሰኝህ ላይ ባለው ዋጋ አስላው፤ ታሪፉ በእርከን ስለሆነ የቤቱ ጠቅላላ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል፣ ይሄ 40 ደግሞ ወደሚቀጥለው እርከን ሊያሻግርህ ይችላል።