በልማት ሪፖርት ውስጥ «ዘላቂ» ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአንድ የልማት ድርጅት ሪፖርት አዘጋጃለሁ። አለቃዬ «ዘላቂ» ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ «ቀጣይነት ያለው» እያሉ ያርሙታል። እየቆየ ሲሄድ ሁለቱም ምን እንደሚሉ ጠፋብኝ። «ሰስቴይነብል» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትክክለኛው የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንዱን በሌላው መተካትም ችግሩን አይፈታውም። «ሰስቴይነብል» ራሱ በልማት ሪፖርቶች ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሲናገር የኖረ ቃል ነው፤ «ዘላቂ» ደግሞ ሦስቱንም ያለ ልዩነት ተሸክሟል። ስለዚህ ከመተርጎም በፊት በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የትኛው እንደታሰበ መለየት ያስፈልጋል።

ከራሳችን ግሥ ልጀምር። «ዘለቀ» በዕለት ንግግራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም፤ «እስከ» ይቀድመዋል። «ጤፉ እስከ መስከረም ይዘልቃል»፣ «ደመወዙ እስከ ወሩ መጨረሻ አልዘለቀም» እንላለን። እንግዳን «ወደ ውስጥ ይዝለቁ» ስንልም የምንጠቁመው መድረሻ አለ። ግሡ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ይጠይቃል፤ ሰሚውም ያንን ይጠብቃል። «ዘላቂ» የሚለው ቅጽል ግን ከግሡ ሲወጣ «እስከ»ን ጥሎ ወጣ። «ዘላቂ ጥቅም አግኝተዋል» ብሎ የጻፈን ሰው «እስከ መቼ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ የዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው ለጥያቄው ቦታ አልተወለትምና። በእኔ ግምት ቃሉ በሪፖርት ውስጥ የደበዘዘበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቃሉ ቅርጽ ነው። «ዘላቂ» እንደ «ጠባቂ» ሁሉ ባለቤቱን የሚገልጽ ስም ነው፤ የሚዘልቅ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ግን መጨረሻው ላይ የመቻልን ትርጉም የያዘ ቅጥያ አለው፤ ፍቺውም «እንዲዘልቅ ማድረግ የሚቻል» ነው። ይህ ሁለት ነገር ይነግረናል፤ አንደኛ፣ ነገሩ ሊሆን የሚችል እንጂ የሆነ አይደለም፤ ሁለተኛ፣ እንዲዘልቅ የሚያደርገው ሌላ ወገን አለ። አማርኛ እንዲህ ያለውን የመቻል ሐሳብ በአንድ ቅጥያ አይገልጽም፤ «የሚጠጣ ውሃ» እንደምንለው በ«የሚ» ወይም «ሊዘልቅ የሚችል» ብለን በሐረግ እንገልጸዋለን። ሐረጉ ስለሚረዝም «ዘላቂ» ተመረጠ፤ በምርጫውም የመቻል ጥያቄ የነበረው ወደ ማረጋገጫ ተለወጠ። «ዘላቂነቱ ተረጋግጧል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ፕሮጀክቱ በተጠናቀቀበት ወር በሚጻፍ ሪፖርት ውስጥ ማየት የተለመደ ነው፤ በዚያ ወር ግን የሚረጋገጥ ነገር የለም፤ መዝለቁን ሊመሰክር የሚችለው ወደፊት የሚመጣው ጊዜ ብቻ ነው።

የእንግሊዝኛው ቃልም ቢሆን ሳይለወጥ አልኖረም። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ የሚነገርለት ምንጭ የጀርመን የደን አያያዝ ነው። የሳክሶኒ የማዕድን አስተዳዳሪ የነበረው ሐንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ፣ እ.ኤ.አ. በ1713 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለብር ማቅለጫ የሚቆረጠው እንጨት ደኑ መልሶ ከሚያበቅለው መብለጥ እንደሌለበት አሳሰበ። እዚህ ላይ ቃሉ ሊለካ የሚችል ነገር ነበር፤ በየዓመቱ የሚቆረጠውና በየዓመቱ የሚበቅለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ሐሳቡን አሰፋው፤ መጪው ትውልድ ፍላጎቱን የማሟላት አቅሙን ሳያሳጣ የአሁኑን ትውልድ ፍላጎት የሚያሟላ ልማት ሲል ገለጸው። መለኪያው እዚህ ላይ ላላ ብሏል፤ ነገር ግን ለማን የሚለው አልጠፋም።

ሦስተኛው ትርጉም የመጣው ከእርዳታ ግምገማ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የልማት እርዳታ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የግምገማ መርሕ ውስጥ ቃሉ አንድ መስፈርት ሆኖ ገባ፤ በዚያም የሚጠይቀው የለጋሹ ድጋፍ ሲያበቃ ጥቅሙ ይቀጥላል ወይ የሚለውን ነው። ይህ ከደኑ ጥያቄ ጋር አንድ አይደለም። አንድ የመስኖ ፓምፕ ለጋሹ ከሄደ በኋላ በገበሬዎቹ መዋጮ ለዓመታት ሊሠራ፣ በእነዚያው ዓመታት ደግሞ የከርሰ ምድሩን ውሃ ሊያሟጥጥ ይችላል። በሦስተኛው ትርጉም ዘላቂ ነው፤ በመጀመሪያው ግን አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቃል ሲጠሩ አንባቢው የመጀመሪያውን እየጠበቀ ሦስተኛውን ይቀበላል።

በእኛው አገር የተጻፈ አንድ ምስክር አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ስለ ልማት መብት ሲደነግግ እንግሊዝኛው ይህንኑ ቃል ይጠቀማል፤ አማርኛው ግን «የማያቋርጥ እድገት» ይላል። የማያቋርጥ ማለት ሳይቆም የሚሄድ ማለት ነው፤ የሚሄድበትን ሀብት ስለ መጠበቅ ግን ምንም አይናገርም። የአማርኛው ጸሐፊዎች ከትርጉሙ ጎኖች አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ የመረጡትም የጊዜውን ጎን ነው። ይህ ምርጫ ዛሬም «ቀጣይነት ያለው» በሚለው ሐረግ ውስጥ ይኖራል። አለቃዎ የሚያደርጉት እርማትም ሳያውቁት ያንኑ ጎን መምረጥ ነው።

አሁን እዚሁ ከተማችን ባለ ጉዳይ እንየው። አንድ ዕቅድ «የጎንደርን ዘላቂ የውሃ አቅርቦት ለማረጋገጥ» ይላል እንበል። ከተማዋ የመጠጥ ውሃ ከምታገኝባቸው ምንጮች አንዱ የአንገረብ ግድብ እንደሆነና ከላይኛው ተፋሰስ በሚወርደው ደለል እየተሞላ እንደመጣ የታወቀ ነው። «ዘላቂ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ምን ይላል? በአንደኛው ንባብ ውሃው በቧንቧ ሳይቆራረጥ በየሰፈሩ ይደርሳል ማለት ነው፤ ይህ የፈረቃና የግፊት ጉዳይ ሲሆን ትክክለኛው አማርኛ «ያልተቆራረጠ» ነው። በሁለተኛው ንባብ የውጭ ድጋፍ ሲያበቃ የከተማው የውሃ አገልግሎት ከሚሰበስበው ታሪፍ ፓምፑንና ማጣሪያውን ማንቀሳቀስ ይችላል ማለት ነው፤ ይህ የወጪና የገቢ ጉዳይ ነው፤ «በራሱ ገቢ የሚቀጥል» ቢባል ይበቃዋል። በሦስተኛው ንባብ ግድቡ የሚይዘው ውሃ በደለል ምክንያት ከዓመት ዓመት አይቀንስም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በላይኛው ተፋሰስ ባለው ተዳፋት እርሻ፣ በእርከንና በተከላ የሚወሰን ጉዳይ ነው። ሦስቱ የተለያዩ ሥራዎች፣ የተለያዩ ባለሙያዎችና የተለያዩ በጀቶች ናቸው። አዲስ ማጣሪያ የገዛ ፕሮጀክት ተዳፋቱን ሳይነካ «ዘላቂ የውሃ አቅርቦት አረጋግጧል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩም ሐሰት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የትኛው እንደተባለ አልታወቀምና። የቃሉ ጉዳት የሚያሳስበኝ በዚህ ነው፤ ደለሉን ማየት የነበረበት አንባቢ በአንዲት ቅጽል ረክቶ ያልፋል።

«ቀጣይነት ያለው» ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የማይቆም ሥልጠና፣ በየሩብ ዓመቱ የሚደረግ ክትትል፣ በየክረምቱ የሚካሄድ ተከላ በትክክል ቀጣይነት ያላቸው ናቸው። ሐረጉ የሚናገረው ስለ ድርጊቱ መደጋገምና አለመቋረጥ ነው። እስካሁን የቀጠለው ነገ ለመቀጠል አቅም አለው ወይ የሚለውን ግን አይመልስም። በለጋሽ ገንዘብ አሥር ዓመት የቀጠለ የምገባ ፕሮግራም ቀጣይነት ነበረው፤ ገንዘቡ በቆመ ማግሥት ከቆመ ግን በግምገማው ትርጉም ዘላቂ አልነበረም።

በተግባር የማደርገውን ልንገርዎ። ረቂቅ ሳርም «ዘላቂ» ባለበት ቦታ «ጥሩ» የሚለውን አስገብቼ አነባለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ሳያጎድል ከቆመ፣ ቃሉ ለማዳመቂያ ብቻ ገብቶ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ አወጣዋለሁ። ካጎደለ ግን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ የሚዘልቀው ምንድን ነው፣ እስከ መቼ፣ እንዲዘልቅ የሚያደርገውስ ማን ነው? ለምሳሌ «በተቆፈረው የእጅ ፓምፕ የቀበሌው ነዋሪዎች የንጹሕ ውሃ ዘላቂ ተጠቃሚ ሆነዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢመጣልኝ እንዲህ እንዲጻፍ እመክራለሁ፤ «የእጅ ፓምፑ ተተክሎ ውሃ እየሰጠ ነው። የውሃ ኮሚቴው ለጥገና የሚሆን ወርሃዊ መዋጮ ከየቤቱ መሰብሰብ ጀምሯል፤ ያለቁ ጎማዎችን የሚቀይሩ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች በቀበሌው አሉ፤ መለዋወጫ ግን በወረዳው ስለማይገኝ ከጎንደር መምጣት አለበት።» ይህ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ደስም ላያሰኝ ይችላል። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚሄድ ገምጋሚ ምን ማየት እንዳለበት ያውቃል፤ መዋጮው እየተሰበሰበ መሆኑን፣ ሰዎቹ በቀበሌው መኖራቸውን፣ መለዋወጫው በስንት ቀን እንደሚደርስ። የመጨረሻው ሐረግ ደግሞ ፓምፑ የሚቆምበትን ምክንያት ከወዲሁ ይናገራል፤ «ዘላቂ» የሚለው ቃል ሸፍኖት የነበረው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ጋር «በዘላቂነት ተፈትቷል» ከሚለው አገላለጽ እንዲጠነቀቁ እለምንዎታለሁ። ተፈትቷል የሚለው ግሥ የተፈጸመ ነገር ይናገራል፤ በዘላቂነት የሚለው ደግሞ ገና የሚታይ ነገር ይናገራል፤ ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይስማሙም። «በዘላቂነት ለመፍታት» ሲባል ግን ዓላማ ስለሆነ ስሕተት የለበትም። በተመሳሳይ «ዘላቂ ሰላም» እና «ዘላቂ ማስታወሻ» ንጹሕ አማርኛ ናቸው፤ የሚሉትም የሚቆይ፣ የማይጠፋ ብቻ ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ቃል ጋር ማገናኘት አያስፈልግም።

የቀረችው የቃል አቀማመጥ ነገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁትን 17 ግቦች አንዳንዱ «ዘላቂ የልማት ግቦች»፣ ሌላው «የዘላቂ ልማት ግቦች» ብሎ ይጽፋቸዋል። በመጀመሪያው አጻጻፍ «ዘላቂ» የተባሉት ግቦቹ ራሳቸው ይመስላሉ፤ ግቦቹ ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የጊዜ ገደብ የተቆረጠላቸው ናቸው። ዘላቂ እንዲሆን የተፈለገው ልማቱ ነውና ሁለተኛውን ይጻፉ፤ መሥሪያ ቤትዎ የመጀመሪያውን እንደ መጠሪያ ስም ከያዘው ግን በርዕስ ላይ እንዳለ ትተው በዝርዝር ጽሑፉ ውስጥ «የዘላቂ ልማት» ቢሉ በቂ ነው።