ለአምስት ገጽ ድረ ገጽ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ከወንድሜ ጋር አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለን። የሠራናቸውን በሮችና ቁም ሳጥኖች፣ አድራሻችንንና ስልካችንን የሚያሳይ አራት ወይም አምስት ገጽ ያለው ድረ ገጽ እፈልጋለሁ። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ለጥቂት ወራት ተምሬያለሁ፤ ድረ ገጽ ግን ሠርቼ አላውቅም። አንዱ ዊክስ ይለኛል፣ ሌላው ዎርድፕረስ፤ እኔ ደግሞ በእጄ ልጽፈው አስባለሁ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ በእጅዎ ይጻፉት። ይህን የምለው በእጅ መጻፍ ከሌሎቹ የላቀ ሙያ ሆኖ ሳይሆን፣ ሦስቱን መንገዶች በዋናነት የሚለያቸው ድረ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ ምኑን ይለውጠዋል የሚለው ጥያቄ ስለሆነ ነው። የሥራ ቤታችሁ አድራሻና ስልክ ለዓመታት ላይለወጥ ይችላል፤ አዲስ ፎቶም ቢበዛ በወር አንድ ጊዜ ይጨመራል፤ የሚጨምሩትም ፋይሉን ከፍተው አንድ መስመር መጻፍ የሚችሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ዎርድፕረስ በ2003 ሲወጣ የብሎግ መጻፊያ ነበር፤ ዛሬም ዋና ጥንካሬው ኮድ የማያውቁ ሰዎች በየጊዜው አዳዲስ ጽሑፍ እንዲያወጡ ማስቻሉ ነው። ይህንን ለማድረግ ሰርቨሩ ላይ የፒኤችፒ ፕሮግራምና ዳታቤዝ ዘወትር መሥራት አለባቸው፤ ጎብኚ ገጹን ሲከፍት ፕሮግራሙ ጽሑፉን ከዳታቤዝ አውጥቶ፣ ከገጽታው ጋር አዋህዶ ያቀርባል። ስለዚህ ዎርድፕረሱን ራሱን፣ ገጽታውንና ተጨማሪ ተግባር እንዲሰጥ የሚገባውን እያንዳንዱን ፕለጊን ማዘመን፣ መጠባበቂያ ቅጂም መያዝ የማያቋርጥ ሥራ ይሆናል። ማዘመኑን በራሱ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን አዘጋጁ የተወውን ፕለጊን የሚያዘምነው የለም።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ ከእርስዎ ፍላጎት ብዙም የማይለይ ድረ ገጽ በዎርድፕረስ ሠርቼ አስረክቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። ደንበኛው ሲደውልልኝ ገጹ በእርሱ ስልክ ላይ ደህና ይታይ ነበር፤ ከጉግል ፍለጋ ተነሥተው የሚገቡ ሰዎች ግን ወደ መድኃኒት ሻጮች ማስታወቂያ ይወሰዱ ነበር። ጉግል ላይ `site:` ብለን አስከትለን የድረ ገጹን አድራሻ ስንጽፍ እኛ ያልጻፍናቸው በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ወጡ። ለሰርጎ ገቦቹ በሩ የተከፈተው የመልእክት መላኪያ ቅጽ ለመጨመር ብቻ ባስገባሁት አሮጌ ፕለጊን በኩል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አምስት ለማይለወጡ ገጾች ጠባቂ የሚያስፈልገው ሞተር ተከልኩባቸው።

ዊክስና መሰሎቹ ያለ ኮድ ድረ ገጽ የሚሠራባቸው አገልግሎቶች ይህን የጥበቃ ሥራ ይወስዱልዎታል፤ ኮድ ለማይነካና ገጹን በአንድ ቀን ውስጥ ለሚፈልግ ሰው እኔም እነርሱን እመክራለሁ። በእርስዎ ጉዳይ ግን ሁለት እንቅፋት አለ። የመጀመሪያው ክፍያ ነው፦ በነጻው ደረጃ የዊክስ ማስታወቂያ ገጽዎ ላይ ይለጠፋል፣ የራስዎን አድራሻም ማገናኘት አይችሉም፤ የሚከፈልበት ደረጃ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ፣ ውጭ አገር በሚሠራ ካርድ ይታደሳል። ክፍያው ሲታደስ ካርዱ ካልሠራና ቶሎ ካልተስተካከለ ድረ ገጹ ወደ ነጻው ደረጃ ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ዊክስ ላይ የተሠራ ድረ ገጽ እንዳለ ተነሥቶ ሌላ ቦታ አይተከልም፤ ለመውጣት ሲፈልጉ ጽሑፉን እየገለበጡ እንደገና መሥራት ይኖርብዎታል።

በእጅ የተጻፈ ገጽ ግን ፋይል ነው፤ ሰርቨሩ እንዳለ ይልከዋል፣ የሚሠራ ፕሮግራም ስለሌለ የሚዘመንም የለም። የእያንዳንዱ ገጽ መነሻ ይህን ይምሰል፦

```html
<!doctype html>
<html lang="am">
<head>
  <meta charset="utf-8">
  <meta name="viewport"
        content="width=device-width, initial-scale=1">
  <title>የእንጨት ሥራ ቤት</title>
</head>
```

የ`charset` መስመር ከተረሳ ፊደላችን በአንዳንድ አሳሽ ላይ «ሰ» በመሆን ፈንታ `áˆ°` ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የ`viewport` መስመር ከሌለ ደግሞ ስልክ ላይ ገጹ ተጨምቆ፣ ጽሑፉ በጣት ካልሰፋ የማይነበብ ይሆናል።

ትልቁ ሥራ ፎቶው ላይ ነው። ከስልክ እንደወጣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢመዝን፣ አሥራ ሁለት ፎቶ የያዘው ገጽ 48 ሜጋባይት ይሆናል፤ ደንበኛዎ ይህን በሞባይል ዳታው ከፍሎ አይጠብቅም። ፎቶዎቹን ወርዳቸው 1200 ፒክስል እንዲሆን አሳንሰው፣ በጄፔግ ጥራት 75 አካባቢ ቢያስቀምጡ አብዛኞቹ ወደ 200 ኪሎባይት ይወርዳሉ፤ ገጹም በድምሩ ከ3 ሜጋባይት አይዘልም። ከታች ያሉት ፎቶዎች አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑም እንዲህ ይጻፉ፦

```html
<img src="ber-01.jpg" width="1200" height="900"
     loading="lazy" alt="የዋንዛ በር">
```

የፋይል ስም ሁሉ በትንሹ የላቲን ፊደልና ያለ ክፍተት ይሁን። ዊንዶውስ `Ber-01.JPG` እና `ber-01.jpg`ን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ኮምፒውተርዎ ላይ ሁሉም ፎቶ ይታያል፤ አብዛኛው ሰርቨር ግን ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋልና ገጹ ከተሰቀለ በኋላ ፎቶው ይጠፋል። «እኔ ጋ ይሠራ ነበር» የሚሉኝ ጀማሪዎች ፋይል ሲላክልኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። የመግቢያው ገጽ ስም ደግሞ `index.html` መሆን አለበት።

ለመስቀል ክላውድፍሌር ፔጅስ ወይም ኔትሊፋይ ላይ ነጻ አካውንት ከፍተው ማህደሩን ከኮምፒውተርዎ ጎትተው መጣል ይበቃል። ጊትሃብ ፔጅስም ነጻ ነው፤ ሆኖም ደንቡ የንግድ ሥራ ማካሄጃ እንዲሆን ስለማይፈቅድ ለሥራ ቤት አልመርጠውም። የሚከፍሉት የ`.com` ስም ከፈለጉ ለእርሱ ብቻ ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው። ከቻሉ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በአንድ ጊዜ ይክፈሉ፤ በራስዎ ስምና ኢሜይልም ያስመዝግቡት። በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ዶሜይን ሰውየው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

እንዲህ ያለ ገጽ በራሱ የመልእክት ቅጽ መቀበል አይችልም፤ ለእናንተ ግን ጉዳት የለውም። በር የሚያሠራ ሰው ልኬትና ፎቶ ልኮ ዋጋ ይጠይቃልና፣ ሲነካ የሚደውል የ`tel:` ሊንክና ወደ ቴሌግራም የሚወስድ የ`t.me` ሊንክ ከቅጽ ይልቅ ይጠቅማሉ።

እውነተኛው ድካም የሚመጣው ገጾቹ ሲበዙ ነው። ከላይ ያለው ማውጫ በአምስቱም ፋይል ውስጥ ተደግሞ ስለሚጻፍ አንድ ቃል ለመለወጥ አምስት ቦታ መንካት ይኖርብዎታል፤ ለአምስት ገጽ ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ሃያ ሲደርሱ ግን አንዱን መርሳትዎ አይቀርም። ያን ጊዜ ማውጫውን አንድ ቦታ ጽፎ ገጾቹን ሁሉ የሚያወጣልዎትን ሁጎን ወይም ኢለቨንቲን ይማሩ፤ ያሁኑ ኤችቲኤምኤልዎ አብዛኛው እንዳለ ይገባል። ወደ ዎርድፕረስ መሄድ ያለብዎት ወንድምዎ ያለ እርስዎ እርዳታ በየሳምንቱ ከስልኩ አዲስ ሥራ ማውጣት የፈለገ እንደሆነ ነው፤ በዚያ ጊዜም የማዘመኑን ሥራ ማን እንደሚይዝ ከእርሱ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።