ላይ ፌዴራል፣ ታች አሃዳዊ

«ሰላም እንዴት ናችሁ? ክፍል ውስጥ ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች የሚሻለው የቱ ነው፣ ፌዴራሊዝም ወይስ አሃዳዊ መንግሥት? በተለይ ሐዋሳ የኖራችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብትነግሩን።»

ሰላም እህቴ። እኔ ሶዶ ተወልጄ ሐዋሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ ጥብቅና ነው። አፌን የፈታሁት በወላይትኛ ነው፣ ዳቦዬን የምበላው በአማርኛ ነው፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ አብዛኞቹ ሲዳማ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። ፌዴራሊዝም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሥልጣኑ ክልል ደርሶ እዚያው ከቆመ፣ ለአናሳው የተለወጠው አለቃው ብቻ ነው።

ከእናቴ ልጀምር። በደርግ ጊዜ አገሩ አሃዳዊ ነበር። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፣ ወላይትኛም አንዱ ነበር። እናቴ ማንበብ የቻለችው ያኔ ነው፣ የገዛ ቋንቋዋን በፊደል። ይህንን መካድ አልፈልግም። አሃዳዊ መንግሥትም ለአናሳ ቋንቋ አንድ ነገር ሊሰጥ ይችላል። ግን እናቴ ያቺን መጽሐፍ ዘግታ ስትወጣ ፍርድ ቤቱም፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም በአማርኛ ነበር የሚሠሩት። ማን ይምጣ፣ ማን ይሾም የሚወሰነውም ከላይ ነው። ዘመቻው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጠያቂ የለም። የተሰጣት ነገር ፈቃድ እንጂ መብት አልነበረም።

ከዚያ ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ። አንቀጽ 39 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው መጠቀምና ራሱን ማስተዳደር ይችላል አለ። የደቡብ ክልል ግን 56 ብሔረሰቦች ያሉበት፣ በርከት ያሉ አካባቢዎች በአንድ ላይ የተጠቃለሉበት ክልል ሆነ። መቀመጫው እዚህ ሐዋሳ፣ የሥራ ቋንቋው አማርኛ። እኛ ደግሞ ከክልሉ በታች ሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ነበርን። ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎችም ጋር።

«ወጋጎዳ» ሲባል ሰምተሽ ታውቂ ይሆናል። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ የመጀመሪያ ፊደሎች ተገጣጥመው የተሠራ ስም ነው። አራቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ፣ ስለዚህ አንድ የጋራ የመማሪያ መጽሐፍ ይበቃቸዋል ተባለ። ወረቀት ላይ ያዋጣል። ለአራት ቋንቋ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንዱን ማሳተም ይቀላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መጽሐፉ ትምህርት ቤት ሲደርስ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ገልጬ ሳነበው የማውቀው ቃል አለ፣ ቀጥሎ የማላውቀው ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ የማውቀው ቃል በማላውቀው አገባብ። እናቴ ከእጄ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችና መሀል ላይ ቆመች። «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። ያ ጥያቄ ከተማውን ሁሉ ያዘው። ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ሰሜን ኦሞም ተከፋፈለ። ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ይህንን ያነሣሁት ለአንድ ነገር ነው። አገሩ ያኔ ፌዴራል ነበር። ሕገ መንግሥቱ እንደዛሬው ነበር። ግን ዞኑ ውስጥ የነበረው አሠራር ፍጹም አሃዳዊ ነበር፦ ከላይ ሆኖ አንድ ቋንቋ ሠርቶ ለአራት ሕዝብ ማደል። ፌዴራሊዝሙ አላቆመውም፣ ምክንያቱም ሥልጣኑ የተከፈለው በአዲስ አበባና በክልሉ መካከል ነው። በክልሉና በዞኑ፣ በዞኑና በወረዳው መካከል ያለውን ክልሉ ራሱ እንዳሻው ያደርገዋል።

ዞን መሆን ምን ይጠቅማል ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ሦስት የሚጨበጥ ነገር አለው። የራስ ምክር ቤት፣ የራስ በጀት፣ ልጆች በየትኛው ቋንቋ ይማሩ የሚለውን የመወሰን አቅም። ቁጥራቸው ለዞን የማይበቃ እንደ ኮንታና ባስኬቶ ያሉት ልዩ ወረዳ ተሰጣቸው። ከ1994ቱ የክልሉ ሕገ መንግሥት በኋላ ደግሞ ብሔረሰቦቹ የሚወከሉበት የብሔረሰቦች ምክር ቤት ተቋቋመ። የማንነት ጥያቄ ያለው መጀመሪያ እዚያ ያቀርብ ነበር፣ ካልረካ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄድ ነበር። በእኔ አስተያየት ደቡብ ክልል በብዙ ነገር ቢታማም ይህ አሠራሩ ጥሩ ነበር።

ክፍተቱ ምንድን ነው፣ ይህ ሁሉ መብት ከመሬት ጋር የተጣበቀ መሆኑ ነው። ወላይታው ሶዶ ሲኖር ዞን አለው። ሐዋሳ ሲመጣ የለውም።

አሁን ወደ ሲዳማ ልምጣ። ራሱን የቻለ ክልል የመሆን ጥያቄው የቆየ ነው። አንቀጽ 47 መንገዱን በግልጽ አስቀምጦታል። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፣ ክልሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፣ አብላጫው ከደገፈው ክልሉ ሥልጣኑን ያስረክባል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የወሰነው ሐምሌ 2010 ነው። ዓመቱ ሲሞላ ሕዝበ ውሳኔው አልተካሄደም። ሐምሌ 11 ቀን 2011ን መቼም አልረሳውም። ሱቆች ተዘግተው፣ ጭስ እየታየ፣ እኛ በር ቆልፈን ተቀመጥን። እዚህም በሲዳማ ወረዳዎችም ሰው ሞተ። ሕጉ የቀን ገደብ ሰጥቶ፣ ገደቡ ሲያልፍ ምን ይደረጋል የሚለውን ግን አልጻፈም። የዚያን ክፍተት ዋጋ ሕዝቡ ከፈለ።

ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ተደረገ። የሐዋሳ ነዋሪ ሁሉ ብሔሩ ሳይጠየቅ መምረጥ ይችል ስለነበር እኔም ተሰለፍኩ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት ነበር፦ ሻፌታ ለአዲሱ ክልል፣ ጎጆ ከደቡብ ክልል ጋር ለመቆየት። ከፊቴ የነበሩት አንድ አዛውንት የሲዳማ አባት ጣታቸው ላይ ያረፈውን ቀለም ደጋግመው ያዩት ነበር። «ልጄ፣ ይህን ቀን አባቴ አላየውም» አሉኝ። ለክልልነቱ የተሰጠው ድምፅ 98.5 በመቶ ገደማ ሆነ፣ ሰኔ 2012 ላይ ሥልጣን ተረከበ። ደስታቸው ትክክል ነበር። የራሳቸውን ክልል ለረጅም ጊዜ ሲጠይቁ የኖሩ ሕዝብ ነበሩ።

ግን በዚያው ቀን ሐዋሳ ላይ ጥያቄው ቦታ ቀየረ። ትናንት ሁሉም አናሳ በሆነበት ክልል ውስጥ የነበርን ሰዎች፣ አንድ ግልጽ ብዙኃን ባለበት ክልል ውስጥ አናሳ ሆንን። ይህ የሲዳማ ጥፋት አይደለም። አዲስ ክልል በተፈጠረ ቁጥር አዲስ አናሳ ይፈጠራል። ናይጄሪያ በሦስት ክልል ጀምራ ዛሬ 36 ግዛት ደርሳለች፣ «አንተ የዚህ ግዛት ተወላጅ አይደለህም» የሚለው ጣጣ ግን አልለቀቃትም።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ፍርድ ቤቱን አልጠራም፣ ሐዋሳ ውስጥም አይደለም። አንዲት ባሏ የሞተባት የወላይታ እናት በውርስ ቤት ጉዳይ ይመሰክራሉ። አስተርጓሚ ተመድቧል። እሳቸው ረጅም ተናገሩ፦ ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ ቆርቆሮው በማን ገንዘብ እንደተገዛ፣ ማን ማን እንደነበረ። አስተርጓሚው እስኪጨርሱ ሲጠብቃቸው ቆየና «ቤቱ የእኔ ነው ይላሉ» አለ። በቃ። ጸሐፊዋም ያንኑ ጻፈች። ቋንቋውን ስለምችል ተነሥቼ ዳኛውን ጠየቅኩና እንደገና ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተተረጎመ። እኔ ባልኖር ያ የቆርቆሮ ጉዳይ መዝገቡ ውስጥ አይኖርም ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የሚሰጠው ለተከሰሰ ሰው ነው። እኚህ እናት አልተከሰሱም፣ ምስክር ናቸው።

እዚህ ላይ ፊንላንድን ማየት ይጠቅማል። ፊንላንድ አሃዳዊ አገር ናት። ስዊድንኛ ተናጋሪዎቿ ከሕዝቡ አምስት በመቶ ገደማ ናቸው። በ1996 ሥራ ላይ የዋለው የቋንቋ ሕጋቸው፣ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የአናሳው ቋንቋ ተናጋሪ ስምንት በመቶ ከደረሰ ወይም 3,000 ሰው ከሆነ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሁለቱም ቋንቋ እንዲያገለግል ያስገድዳል። ከስድስት በመቶ በታች ካልወረደ አይነሣም። ተመልከቺ፣ ማንም ዞን ወይም ክልል መጠየቅ አላስፈለገውም። ቁጥሩ ሲሞላ መብቱ በራሱ ይመጣል። እኛ ዘንድ የጎደለው እንዲህ ያለ ደንብ ነው። የእኛ መብት ድንበር ይጠይቃል፣ የእነሱ ቁጥር ይጠይቃል።

ታዲያ አሃዳዊ ይሻላል ልልሽ ነው? አይደለም። ማዕከሉ ያንን ሕግ ቢሽረው ማን ያስቆመዋል? ፌዴራል መሆን የሚጠቅመው እዚህ ነው፣ ከክልሉ በላይ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አለ። ለዚህ ሁልጊዜ የማነሣው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጉዳይ ነው። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ባለቤት ብሎ ይጠራል። በ1992ቱ ምርጫ ከእነዚህ የአንዱን ቋንቋ አታውቁም ተብለው አንዳንድ ዕጩዎች ተከለከሉ። ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በ1995 የቋንቋ መስፈርቱን አልሻረውም። ግን ዕጩው ማወቅ ያለበት የክልሉን የሥራ ቋንቋ ነው አለ፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። የተከለከሉትን የሚያስገባ በር ተከፈተ፣ ባለቤት የተባሉትም አልተነኩም።

ገደቡንም ልንገርሽ። ያ ውሳኔ ሲወጣ ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሌላው፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፣ ወይም በሕዝብ ያስመርጣሉ። ስለዚህ የአንድ ትንሽ ብሔረሰብ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ የክልሉ ብዙኃን ሊወስን ይችላል። ምርጫችን ደግሞ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው የሚያሸንፍበት ነው። አስር የምርጫ ክልል ያለው ከተማ ውስጥ ከመቶ ሃያው አናሳ ቢሆንና በየሰፈሩ ተበትኖ ቢኖር፣ በየቦታው በሰማንያው ይበለጣል፣ አስሩም ላይ ዜሮ ያገኛል። አንድ ሰፈር ውስጥ ተሰብስቦ ቢኖር ግን ሁለት ወንበር ይደርሰው ነበር። ከተማ ውስጥ ተቀላቅሎ መኖር በምርጫ የሚያስቀጣበት አሠራር ነው።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስትከራከሩ አንድ የምታውቁትን ወረዳ ያዙ። በቋንቋው ብዙኃን ያልሆነው ሰው ምክር ቤቱ ውስጥ ወንበር የሚያገኝበት መንገድ አለ ወይ? ፍርድ ቤት ሲቆም የሚናገረው ሙሉውን ይመዘገባል ወይ? ወረዳው ቢከለክለው ከክልሉ ውጭ የሚሰማው አካል አለ ወይ፣ በስንት ጊዜስ ይመልስለታል? እኔ ለሐዋሳ ብጠየቅ መጀመሪያ የምጽፈው የፊንላንዱን ዓይነት የቁጥር ደንብ ነው፣ በክፍለ ከተማ ደረጃ፣ በየአስር ዓመቱ የሚታይ። ከዚያ ለእንደዚያች እናት ዓይነት ምስክር በመንግሥት ወጪ የሚመደብ፣ ተፈትኖ ያለፈ አስተርጓሚ።