«ቲቸር እኔ!» የሚለው ጩኸት ለምን አይከስምም?

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮ የመምህርነት ሥልጠና የጀመራችሁ ሁሉ ለተግባር ልምምድ ወደ ጎጃም የገጠር ትምህርት ቤቶች ስትወጡ፣ ልጆች በታጨቁበት ክፍል «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» የሚል ጩኸት ይቀበላችኋል። ስለ ማጠናከሪያ መርሐ ግብር፣ ማለትም አንድ ጠባይ መቼ መቼ ሽልማት እንደሚያገኝ ስለሚወስነው ሥርዓት፣ የተማራችሁት ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ሌላውን ትቼ ስለዚህ ጩኸት ልጻፍላችሁ።

አንድ የ4ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር 7 ሲባዛ በ8 ስንት እንደሆነ ጠየቀ እንበል። እጁን ሳያወጣ የሚጮኸውን ልጅ ሦስት ጊዜ ዝም ይለዋል፤ በአራተኛው ግን ደወሉ ስለተቃረበ «እሺ፣ ተናገር» ይለዋል። በማግስቱ በሁለተኛው ጩኸት፣ ሌላ ቀን ደግሞ በስድስተኛው ይሸነፍለታል። መምህሩ ልጁን አብዛኛውን ጊዜ ችላ እንዳለው ያምናል፤ በተግባር ግን በተለዋዋጭ ምጣኔ መርሐ ግብር እያጠናከረው ነው፤ የትኛው ጩኸት እንደሚሳካ አይታወቅም፣ አንዱ ግን መሳካቱ አይቀርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፈርስተርና ስኪነር በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ በእርግቦች ላይ እንዳሳዩት፣ በዚህ መርሐ ግብር የተገነባ ጠባይ ፈጣንና ፋታ የሌለው ነው፤ ማጠናከሪያው ሲቋረጥም ቶሎ አይከስምም። ለእያንዳንዱ ጩኸት መልስ ሲያገኝ የኖረ ልጅ መልሱ የቀረበት ዕለት ለውጡን ወዲያው ያስተውላል፤ ብዙ ዝምታ የለመደው ግን የዛሬውን ዝምታ ከትናንቱ መለየት አይችልም።

ስለዚህ ችላ ለማለት ከወሰናችሁ ጩኸቱን ፈጽማችሁ ችላ በሉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ይብሳል፤ ልጁ ከዴስኩ ይነሣል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በዚህ ሰዓት የምትሸነፉለት ከሆነ የምታስተምሩት ከበፊቱ አብልጦ መጮህን ነውና፣ መጽናት የማትችሉ ከመሰላችሁ ባትጀምሩት ይሻላል። ደግሞም ልጁ ከጮኸ በኋላ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ወደ ጓደኞቹ ከሆነ የሚያጠናክረው የእነርሱ ሣቅ ሊሆን ስለሚችል፣ የእናንተ ዝምታ ብቻውን ብዙ አይረዳም። ቁጣም እንደ ሽልማት የሚያገለግልበት ጊዜ አለ፤ ጩኸቱን በየቀኑ በወረቀት ላይ ቁጠሩት፣ «ተቀመጥ!» እያላችሁት ቁጥሩ ከጨመረ ቁጣችሁ ማጠናከሪያ ሆኗል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ከዝምታው ጎን ለጎን እጅ ማውጣትን አጠናክሩ። ያው ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ብሎ እጁን ሲያወጣ ወዲያውኑ ስሙን ጠርታችሁ ዕድል ስጡት፤ ለጥቂት ቀናትም ሳታቋርጡ እንዲሁ አድርጉ። ሲለምደው ግን ሁልጊዜ እርሱን መጥራት ስለማይቻል፣ ከሁለት አንዴ፣ ቀጥሎም ከሦስት ወይም ከአራት አንዴ፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ እንዳያውቅ እያደረጋችሁ ቀስ በቀስ አሳሱት። በቸኮላችሁ ጊዜ እጁ ይወርዳል፣ ጩኸቱም ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሳችሁ ጥቂት ቀናት ቆዩ፣ ከዚያም ከበፊቱ በዝግታ ቀጥሉ።