ስምንት ወር ለሞላው ልጅ ማር ይሰጣል?

«ትንሹ ልጄ 8 ወሩ ነው፣ ትልቋ 4 ዓመቷ። ሁለቱም ያስላቸዋል። አያታቸው ጦስኝ በማር ስጫቸው አለችኝ። ለሁለቱም ይሆናል?»

ለትልቋ አዎ፣ ለትንሹ ግን ማሩን ተይው እህቴ። አንድ ዓመት ሳይሞላው በጣት ማላስም ቢሆን አይሆንም። ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የሕፃን አንጀት ውስጥ ይበቅልና መርዝ ያመነጫል። «ንጹሕ ማር ነው»፣ «አፍልቼዋለሁ» ማለት አያድንም፤ ዘሩ በቤት ማፍላት አይሞትም። ቀምሶ ከሆነ የሆድ ድርቀት፣ የለቅሶ ድምፅ መድከም፣ ጡት መሳብ ማቃት፣ የዓይን ሽፋን መውደቅ ካየሽ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ለትንሹ ጡትሽን ቶሎ ቶሎ ስጪው። አፍንጫው ከተዘጋ ከመጥባቱ በፊት ከፋርማሲ የሚሸጠውን የአፍንጫ ጨው ውኃ ጠብ አድርጊለት። ስድስት ወር ስላለፈው ለብ ያለ ውኃም ጉንጭ ጉንጭ ይችላል። ጦስኙ ይቅርበት።

ለትልቋ እኔ ከደባርቅ በኩል የሚመጣውን ደረቅ ጦስኝ ነው የምጠቀመው። አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ስኒ የፈላ ውኃ ላይ ጨምሪ፣ ከድነሽ አሥር ደቂቃ አቆዪው፣ አጥልይው። ለብ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ጨምረሽ ማታ ከመተኛቷ በፊት ስጫት። ጥርሷን ከዚያ በኋላ አስቦርሻት። (አያት ጤና አዳምም ልጨምር ካሉ እንቢ በይ፣ ለልጅ ይከብዳል።)

ትንሹ ተረጋግቶ ሳለ ደረቱን ገልጠሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሪ። 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ለትልቋ ቁጥሩ 40 ነው።